እሸት በርበሬ ገዝቶ ለዓመት ማድረቅ፦ ላዩ ሳይሆን ውስጡ ይድረቅ

በርበሬ የሚበላሸው ከውስጥ ነው። ላዩ ደም የመሰለ፣ ተጨማዶ የደረቀ የሚመስል ዛላ ሲሰነጥቁት፣ ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ሥጋ ላይ አመድ የመሰለ ሻጋታ ተኝቶ ይገኛል። እንዲህ ያለው ዛላ ሲቀነጠስ ካልታየ ከደህናው ጋር አብሮ ይፈጫል፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ለይቶ የሚያወጣው የለም። ከዚህ በታች የምጽፈው አመራረጥም ሆነ አሰጣጥ ሁሉ የሚያተኩረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ሻጋታው ሳይቀድም የዛላው ውስጥ እንዲደርቅ።

የደረቀ ዛላ ገበያ ሞልቶ ሳለ እሸቱን ገዝቶ መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። የደረቀውን ስንገዛ እንዴት እንደደረቀ አናይም። ባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ አፈርና የእንስሳ እግር የነካው፣ እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ዛላ ያጋጥማል። እሸቱን የገዛ ግን እያንዳንዱን ዛላ በእጁ አገላብጦ ነው የሚያደርቀው።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በመሀል አገር ክረምቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ይወጣና ቀዩ እሸት ከማረቆ፣ ከሀላባና ከቡታጅራ አካባቢ፣ በጎጃም በኩል ደግሞ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ከጥቅምት ጀምሮ መውጣት ይጀምራል። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ። ጥቅምት ላይ አሳስቶ የሚመጣ ዝናብ አለ፤ ኅዳር ሲገባ ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም ጥሩ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛም ይጥላል፤ ለእሱ መላ አለው።

ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን አስሉ። ቀይ እሸት በርበሬ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ያህል ወይም ከዚያም በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ ከ4 እስከ 5 ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ዛላ ይወጣዋል። በዓመት 5 ኪሎ ዛላ የሚበቃው ቤት ከ20 እስከ 25 ኪሎ እሸት ይግዛ። ማስጫ ቦታም በዚሁ ይሰላል፤ ሳይደራረብ አንድ ረድፍ ሆኖ ሲሰጣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፣ ለ20 ኪሎ 4 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ቦታው ከሌለ ግማሹን ገዝቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላውን መድገም ይሻላል። ቦታ ጠቦ የተደራረበ ስጥ ከታች መሻገቱ አይቀርም።

አሁን ወደ መረጣው። ማዳበሪያው ሲፈታ ከላይ ያለው ሁልጊዜም ቆንጆ ነው፣ በእሱ አትመኑ። መጀመሪያ እጃችሁን እስከ ክንዳችሁ ድረስ ወደ ማዳበሪያው መሀል አስገቡ። ሞቅ ካላችሁ በርበሬው ተጭኖ ሲመጣ ታፍኖ መጋል ጀምሯል፤ ዛሬ ደህና ቢመስል ከሁለት ቀን በኋላ ይልማል። እርጥበት ከነካችሁ ደግሞ ጤዛ ሳይለቀው የተለቀመ ነው። ሁለቱንም ተዉት፣ ቢረክስም አይጠቅማችሁም።

ከዚያ ከታችኛው ክፍል አራት አምስት ፍሬ አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩ። ለማድረቅ የሚፈለገው ተክሉ ላይ ሙሉ በሙሉ የቀላ፣ ከቆቡ ሥር እንኳ አረንጓዴ መስመር ያልቀረበት ነው። ቃሪያ ለመብላት ስንገዛ ጥንክር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ እንፈልጋለን። ለማድረቅ ግን ተክሉ ላይ ቆይቶ ትንሽ ጠውለግ ያለው፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚለው ይበልጣል፤ ውሃው ቀንሷል፣ ቀለሙም ጠልቋል። ብዙ ሰው ይህን «አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል፣ ለእኔ ግን ከማዳበሪያው ውስጥ ምርጡ እሱ ነው። ጠውላጋ ማለት ግን የላመ ማለት አይደለም። ጠውላጋው ቆዳው ሲጫኑት ይመለሳል፤ የላመው ጣት ይቀርበታል፣ ውሃም ይተፋል።

አረንጓዴው ፀሐይ ላይ ሲውል ይቀላል የሚሉ አሉ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ አረንጓዴ ፍሬ መቅላቱን ሳይጨርስ ይደርቅና ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ ወጡንም ያደበዝዘዋል። ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ቡናማ የሆነው ግን ይድናል፤ ለብቻው ለይታችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ስትዘረጉት መቅላቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ ፀሐይ ይወጣል።

የፍሬውን ሥጋ ውፍረትም እዩ። እንደ ማረቆ ፋና ያለው የወጥ በርበሬ ጠቆር ያለ ቀለም አለው፣ ሥጋውም ለመድረቅ ይመቻል። ሥጋው ወፍራምና ውሃማ የሆነ፣ ወደ ፈረንጅ ቃሪያ የሚያደላ ፍሬ ሳይሰነጠቅ ፀሐይ ላይ ቢውል ውስጡ ይበሰብሳል። ሚጥሚጣ ደግሞ ትንሽና ስስ ስለሆነ ከትልቁ በርበሬ ብዙ ቀን ቀድሞ ይደርቃል፣ አንድ ላይ አታስጡት።

ቆቡንና እንጨቱን አትዝለሉ። ቆቡ የተነቀለ ፍሬ አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ሻጋታና ነፍሳት የሚገቡት በዚያ ነው። ስለዚህ እንጨቱ ሳይነቀል የተለቀመ ግዙ፣ ስታደርቁም እንጨቱን አትንቀሉ፤ መቀንጠስ ከደረቀ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው። በመጨረሻም የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነጥብ ያለበትን ፍሬ ሰንጥቁት። ትል ከገባበት ውስጡ ጥቁር ኩስና ሻጋታ ታገኛላችሁ። ወደ ውስጥ የሰረጎደ ክብ ጠባሳ፣ መሀሉ ጠቆር ያለ ቀለበት የሚመስል ካያችሁ የበርበሬ በሽታ ነው፣ ሲደርቅ ያ ቦታ ይነጣል። ከ10 ፍሬ አንድ እንዲህ ያለ ቢገኝ ተለቅሞ ይጣላል፤ ሦስት አራት ከሆነ ግን ሌላ ነጋዴ ጋ ሂዱ።

ቤት ሲደርስ ማዳበሪያው ውስጥ አንድ ሌሊት እንኳ አይደር። ወዲያው ዘርግፋችሁ ልቀሙት። አቧራ ብቻ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ጭቃ የነካው መታጠብ ካለበት እሸት እያለ፣ ቆቡ ሳይነቀል፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ በወንፊት ይንጠፍጠፍና ላዩ በዚያው ቀን ይድረቅ። የደረቀ ዛላን ማጠብ ግን የደከማችሁበትን ሁሉ መልሶ ማርጠብ ነው። ከታጠበ በኋላ አንድ ቀን ጥላ ላይ ተዘርግቶ ቢጠወልግ፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቆዳው አይፈነዳም።

ይሰንጠቅ ወይስ ሙሉውን ይሰጣ? በኅዳር ፀሐይ፣ ሥጋው መካከለኛ ለሆነ በርበሬ፣ ሙሉውን ማስጣት ይሻላል። ቀለሙ ይጠበቃል፣ ዘሩ አይረግፍም፣ አቧራም ውስጡ አይገባም። አየሩ ደመናማ ከሆነ ወይም ፍሬው ወፍራም ከሆነ ግን ከቆቡ በታች ጀምራችሁ በቁመቱ አንድ ጊዜ ሰንጥቁት። የመድረቂያው ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስትሰነጥቁ ጓንት አድርጉ። የሚያቃጥለው ነገር ዘሩ ሳይሆን ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ሥጋ ላይ ነው ያለው፣ ቢላው የሚያልፈውም በእሱ ላይ ነው። እጃችሁን ከያዘ ውሃ ብቻውን አያለቅቀውም፤ መጀመሪያ በዘይት አሽታችሁ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ።

ማስጫው ከመሬት ከፍ ይበል። ከቀርከሃ ወይም ከሽቦ ወንፊት የተሠራ፣ በወገብ ቁመት የተሰቀለ ቆጥ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ነፋሱ ከሥርም ያልፋል። እሱ ከሌለ ሲሚንቶ ላይ ሰሌን አንጥፋችሁ አስጡ። ላስቲክ ላይ በቀጥታ ማስጣት ጥሩ አይደለም፤ ከፍሬው የሚወጣው ላበት መሄጃ አጥቶ ሥሩ ይቀራል፣ የታችኛው ገጽ ይሻግታል። የቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፍሬው ከመድረቅ ይልቅ ይበስልና ይጠቁራል። ጣራ ላይ ካልሆነ ቦታ የለኝም የሚል ወፍራም ሰሌን ከሥሩ ያንጥፍ። አስፋልት ዳር ማስጣት ግን በምንም መንገድ አይሁን።

በየቀኑ የሚሠራው ይህ ነው። ጠዋት ጤዛው ሲለቅ፣ 3 ሰዓት ገደማ ይወጣል። እኩለ ቀንና 9 ሰዓት ላይ በእጅ ይገላበጣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ላይ ተሰብስቦ ቤት ይገባል። ውጭ ያደረ በርበሬ ቀን የለቀቀውን ውሃ ሌሊት ከጤዛው መልሶ ይጠጣል። ቤት ሲገባም በላስቲክ አትሸፍኑት፤ ሰፊ ቅርጫት ወይም ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ስስ ነጠላ ብቻ ጣል አድርጉበት። በዚያ ሌሊት ውስጥ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ቆዳው ይወጣል። ማታ ደርቆ የገባው ዛላ ጠዋት ለስለስ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ውስጡ ገና ውሃ እንዳለ እየነገራችሁ ነው።

20 ኪሎ ገዝታችሁ ቢሆን እንዲህ ይሄዳል። የላመውንና ትል የበላውን ለቅማችሁ ስታወጡ 18 ኪሎ ተኩል ቀረ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብዙ ለውጥ አይታይም፣ ማብረቅረቁ ብቻ ይጠፋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ቆዳው መጨማደድ ይጀምራል፣ ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ አካባቢ ይወርዳል። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ያለው አደገኛው ጊዜ ነው። ከላይ ደርቋል፣ ቀለሙ ተውቧል፣ ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ገና 7 ወይም 8 ኪሎ ነው። ከሚጠበቀው 4 ኪሎ ወይም 4 ኪሎ ተኩል ጋር ስታስተያዩት፣ ልዩነቱ እንዳለ ውሃ ነው፣ ውሃውም ያለው ነጩ ሥጋና ቆቡ ሥር ነው። ብዙ ቤት ውስጥ በርበሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ቸኩሎ ጆንያ ውስጥ በመክተት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ፀሐዩ ሌላ አራት ወይም ስድስት ቀን ይቆያል፤ በአጠቃላይ ከ12 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ አንድ ሰፌድ ምልክት አድርጋችሁ በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ መዝኑት። ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልቀነሰ ውሃው አልቋል።

ሚዛን ለሌለው ሦስት ፈተና አለ። የመጀመሪያው እንጨቱ ነው፤ ሲታጠፍ የሚለመጥ ከሆነ ገና ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ሁለተኛው በጣም ወፍራም የሆነውን ዛላ መርጦ መሰንጠቅ ነው። ነጩ ሥጋ እንደ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ጣት ላይ የሚጣበቅ ወይም እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ከሆነ ይመለስ። አንድ ፍሬ ዘር በጥርስ ሲነከስ መሰበር አለበት፣ ከተጨፈለቀ አልደረቀም። ሦስተኛው ከሁሉም የምተማመንበት ነው። ከተለያየ ቦታ የተለቀሙ አሥር ያህል ዛላዎች ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ክተቱ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጉና አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሙት። ከውስጥ መስታወቱ ላይ ጭጋግ ካያችሁ፣ ጭጋጉ ስስ ቢሆን እንኳ፣ ስጡ በሙሉ ሁለት ቀን ይጨመርለት።

መንቀጥቀጡን፣ ዘሩ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ መስማቱን ብቻ አምናችሁ አትክተቱ። ዘሩ ከነጩ ሥጋ ቀድሞ ሊላቀቅ ይችላል።

መሀል ላይ ዝናብ ቢመጣስ? ቶሎ አግቡት፣ ግን አትከምሩት። ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፋችሁ አንድ ረድፍ ዘርጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማራገቢያ ካለ አብሩ። ደመናው ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ገና ያልደረቀውን ሁሉ ሰንጥቁት። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጠፍቶ እጅ የሚያስችል ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ ጥቂት ጥቂቱን ማሳለፍ ይረዳል። እጅ ከማያስችል ሙቀት ላይ ግን ስኳሩ ያርራል፣ በርበሬው ይጠቁራል፣ ይመርራል። ጭስ ያለበት ምድጃ ላይ ማንጠልጠልም ያደርቃል፣ ጭሱ ግን ከወጡ አይወጣም።

በፀሐይ ላይ አብዝቶ ማቆየትም የራሱ ጉዳት አለው። ቀዩ ቀለም በብርሃን ይሰለባል። ከደረቀ በኋላ ሌላ ሳምንት ፀሐይ ላይ የከረመ ዛላ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ ይሰባበራል፣ ሲቀነጠስም ብናኙ ሰውን ያስነጥሳል። ደረቀ ብሎ ፈተናው ካረጋገጠ በዚያው ቀን ይነሣ።

ከመክተታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ልቀሙት። ጥቁር ቀዩ ለብቻ ይቀመጣል። በከፊል የነጣው፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ንጹሕ ከሆነ፣ ቀድሞ ይበላ። የሻገተው ግን ይጣል፣ የሻገተው ቦታ ብቻ ተቆርጦ ሌላው አይቀመጥ። በርበሬ ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በማመስም ሆነ በመቀቀል ሙልጭ ብሎ አይጠፋም፣ ከሚታየው ሻጋታ ውጭም ሊሠራጭ ይችላል። «ሲታመስ ይሞታል» የሚለው አነጋገር ሻጋታውን እንጂ መርዙን አይነካም።

የሚከተተው ሙቀቱ ከወጣለት በኋላ ነው። ከፀሐይ ትኩስ እንደሆነ የታሸገ ዛላ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያልበዋል። 11 ሰዓት ላይ አንሡት፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ክተቱት። እንዳይሰባበር ብለው በጤዛ አለስልሰው ጠዋት የሚከቱ አሉ፤ ያ ለጫኝ ይመቻል እንጂ ለሚያከማች አይሆንም።

እስከ ግንቦት ድረስ የሚበላው በንጹሕ ጆንያ ቢቀመጥ ችግር የለውም፣ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቅ። ክረምቱን የሚሻገረው ግን አየር በማያስገባ ነገር፣ በክዳናም ባልዲ ወይም ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ጆንያ የሐምሌን እርጥበት ያስገባል። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ በታሸገ ነገር ውስጥ ከጆንያው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሻግት፣ የማሰሮውን ፈተና ሳያልፍ አይታሸግ። ነጭ ጋዝና ሳሙና ባለበት ክፍልም አታስቀምጡት፣ ሽታ ይስባል።

ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ጥሩ ፀሐይ ያለበትን አንድ ቀን መርጣችሁ አውጥታችሁ አስጡትና መልሱት። ያኔ ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ብናኝና ዛላው ላይ ክብ ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል። የተበላውን ለዩ፤ የቀረውን በደንብ በታሸገ ከረጢት አድርጋችሁ በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል አንድ ሳምንት ብታስቀምጡት ነቀዙም እንቁላሉም ይሞታል። ሲወጣ ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱ፣ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፤ አለበለዚያ ጠሉ በርበሬው ላይ ያርፋል።

መፍጨቱን በተመለከተ፣ ዛላው እንጨቱና ዘሩ እንዳለ ሲቀመጥ ቀለሙንና ማቃጠሉን ይዞ ይቆያል፣ ከተፈጨ ግን ቶሎ ይነጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን በአንድ ጊዜ ከማስፈጨት፣ ለሦስት ወር የሚበቃውን እየቀነጠሱ ማስፈጨት ይሻላል። ስትቀነጥሱም እያንዳንዱን ዛላ ከፍታችሁ ውስጡን በብርሃን እዩት።